የክንድ ዓምድ የሌለው ሠንጠረዥ

የጤና ጣቢያው ሲስተር ከኮምፒውተሩ ሠንጠረዥ ጋር ስትጣላ በበሩ በኩል ያለፈ ሰው ከባሏ ጋር የምትጣላ ነው የሚመስለው። «ነገርኩህ እኮ! ሃያ አራት ወር ሞልቶታል አልኩህ! ምን አድርጊ ነው የምትለኝ አንተ?» ትላለች ኮምፒውተሩን። ኮምፒውተሩ መልስ የለውም። አንዲቷን ሳጥን ብቻ ቀይ አድርጎ ቁጭ ይላል።

ከትናንት ወዲያና ትናንት የክብደት ቀን ነበር። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ የአካባቢው ልጆች በሙሉ በየወሩ መጥተው ይመዘናሉ፣ ቁመታቸው ይለካል፣ የክንዳቸው ዙሪያ በመለኪያ ጥብጣብ ይታያል። ይሄ ሁሉ ከእናቶቹ ስልክ ቁጥር ጋር በትልቁ መዝገብ ላይ በእጅ ይጻፋል። ዛሬ ደግሞ ሲስተር ከመዝገቡ ላይ እያነሳች ወደ ኮምፒውተሩ ትከተዋለች። ስም፣ ፆታ፣ ዕድሜ በወር፣ ክብደት፣ ቁመት። የቀረውን ሠንጠረዡ ራሱ ያወጣዋል። ልጁ በዕድሜውና በፆታው ካሉ መቶ ጤነኛ ልጆች መካከል ስንቶቹን እንደሚበልጥ በፐርሰንታይል ያሳያል፣ ከዚያ መጨረሻው ዓምድ ላይ ፍርዱን ይጽፋል፦ ደህና፣ መካከለኛ፣ ከባድ። ለተቀጨጩ ልጆች የሚሰጠው ምጥን ምግብ ከመጋዘን የሚወጣው በዚህ ዓምድ ነው። በምግብ ፕሮግራሙ ማን እንደሚቀጥል፣ ማን ድኖ እንደሚወጣ የሚታወቀውም በዚሁ ነው።

ነገሩ ሲወራ ቀላል ነው። ለሲስተር ግን ከጠዋት ጀምሮ ራስ ምታት ሆኖባታል።

ቀይ የሆነው የአንድ ወንድ ልጅ ቁመት ነው። ባለፈው ወር ሰማንያ አራት ነጥብ ስድስት ነበር፣ በዚህ ወር ሰማንያ አራት ነጥብ አራት። «ልክ ያልሆነ ቁጥር» ይላል ሠንጠረዡ። ልክ ነው እንጂ! ልጁ ባለፈው ወር ሁለት ዓመት ስላልሞላው ተኝቶ ነው የተለካው፣ አሁን ስለሞላው ቆሞ። ሰው ሲቆም ከተኛበት ትንሽ ያጥራል፣ ሰባት ሚሊሜትር ገደማ፤ ልጁ በወሩ ያደገው ደግሞ ያንን አልሸፈነውም። ይህን የሚያውቅ ሰው ሠንጠረዡን ቢሠራው ኖሮ ተኝቶና ቆሞ የሚል ምርጫ ያስቀምጥ ነበር። የሠራው ግን ዛሬውኑ ነው።

ዛሬውኑ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የመረጃ ባለሙያ ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሌላ ነው፤ ጤና ጣቢያው ውስጥ ግን በዚያ የሚጠራው የለም። ስልክ ደውሎ «ሪፖርቱ ዛሬውኑ ይላክልኝ» ሳይል የዘጋበት ቀን ስለሌለ፣ ልጆቹን የምትመዝነው መዛኟ ናት ዛሬውኑ ብላ ያወጣችለት። ዛሬ ደግሞ ይባስ ብሎ በአካል መጥቷል። አንገቱ ላይ ካሜራ አንጠልጥሎ፣ ከሲስተር ጀርባ ቆሞ በትከሻዋ ላይ ያያል። ከጀርባዋ ቆሞ የሚያይ ሰው ደግሞ ደሟን ያፈላዋል።

«ልጅ አያጥርም ሲስተር» አላት።

«ተኝቶ ነበር የተለካው ወንድሜ።»

«ቢሆንም አያጥርም።»

«አንተ ራስህ አንዴ ተኝተህ፣ አንዴ ቆመህ ተለካ፣ ከዚያ እናወራለን።»

ካጠገባቸው ሚዛኑን የምትወለውለው መዛኟ በሳቅ ፍርፍር አለች። መዛኟ ከሲስተር ጋር እኩያ ናት። ሚዛኑን፣ የቁመት ሰሌዳውንና የክንድ ጥብጣቡን የያዘችው እሷ ናት። አብረው ስለከረሙ በዓይን ይግባባሉ።

«ቆይ እሺ፣ ዝለለውና የክንዱን ዓምድ አሳየኝ» አለችው ሲስተር ኮምፒውተሩን፣ ዓምዱን በጣቷ እየፈለገች። የለም። ወደ ቀኝ ሄደች፣ ወደ ግራ ሄደች። «የክንድ ልኬት የት ሄደ? የእግር እብጠትስ? ባለፈው ወር ነበሩ እኮ!»

«አወጣኋቸው» አለ ዛሬውኑ በኩራት። «ሲታተም ከወረቀቱ እያለፈ አስቸገረ። ክብደትና ቁመት ካለ ፐርሰንታይሉ ይበቃል። እብጠቱ ደግሞ ሁሌም 'የለም' ነው የምትሉት። 'የለም' ለመጻፍ አንድ ዓምድ ምን ያደርጋል?»

ሲስተር ዓምዱን መፈለጓን ተወች። እውነቱን ነው፤ ሁሌም «የለም» ነው። ለምን ሁሌም «የለም» እንደሆነ ደግሞ ራሷ ታውቃለች። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው። የመስኮቱ መስታወት ከተሰበረ ከርሟል፣ በካርቶን ነው የተዘጋው፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። እናቶቹ የልጆቻቸውን ልብስ አውልቁ ሲባሉ ጦርነት ነው፦ «ሊታመምብኝ ነው!»፣ «ትናንት ነው ከሳል የተነሳው!»። ሰልፉ ደጅ ድረስ ይደርሳል። በመጨረሻ ሲስተር ተሰላችታ ለመዛኟ መላ አወጣችላት። ጃኬቱን ብቻ አውልቂ፣ ለቀረው ልብስ ሦስት መቶ ግራም ቀንሺና ጻፊ። ካልሲውንም ተይው። ያበጠ ልጅ በዓይን ይታወቃል። ክንዱን ለመለካት እጅጌ መሰብሰብ አያስቸግርም፣ እሱ ይቀጥል። ከዚያ ወዲህ መዝገቡ ላይ የእብጠት ዓምድ ከላይ እስከ ታች «የለም፣ የለም፣ የለም» ይላል፤ መዛኟ ጠዋት ሰው ሳይመጣ ነው የምትሞላው።

«እሺ፣ ቀጥዪ» አለ ዛሬውኑ። «የኔዋን ልጅ አስገቢልኝ። ሰዓት የለንም፣ እናትየዋ ምሳ ሰዓት ላይ ትመጣለች።»

«የምን የኔዋ ልጅ?»

«ሚሚ የምትሏት። ትናንት ደውዬ መዛኟን በዚህ ወር ብዙ የጨመረው ማነው ብያት፣ እሷን ነገረችኝ። ፎቶዋ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በፊት ይሄን ትመስል ነበር፣ አሁን ይሄን ትመስላለች። በፕሮግራሙ ድና የወጣች ልጅ! አለቆች እንዲህ ያለ ነገር ይወዳሉ። ለእናትየዋ ራሴ ደወልኩላት፣ በደስታ ልትበር ነው።»

ሲስተርም ትናንት እንደሷ ደስ ብሏት ነበር። ሚሚ የአንዲት የቢሮ ጽዳት ሠራተኛ ልጅ ናት፣ ሃያ ወሯ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ክብደቷ አልነሳ ብሎ ሲስተርን አንገብግቧታል። ትናንት ሚዛኑ ላይ ስትወጣ ግን ፊቷ ክብ ብሎ፣ ጉንጯ ሞልቶ፣ መዛኟ ቁጥሩን ጮክ ብላ ስታነብ ሲስተር ከወንበሯ ተነስታ እናቲቱን አቅፋ «ጎበዝ! እንዲህ ነው እናት ማለት!» ብላታለች። እናቲቱ አልቅሳ ነው የሄደችው።

ሲስተር መዝገቡን ገልጣ የሚሚን መስመር በማስመሪያ ያዘችና መጻፍ ጀመረች። አሥራ ስምንት ወር፣ ስምንት ኪሎ፣ ከሦስተኛው ፐርሰንታይል በታች። አሥራ ዘጠኝ ወር፣ ሰባት ነጥብ ዘጠኝ፣ አንደኛ ፐርሰንታይል፣ ለቁመቷ ያላት ክብደት መካከለኛ መቀጨጭ። ሃያ ወር፣ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት። አስገባችው። ሠንጠረዡ ለአንድ አፍታ አሰበና ረድፏን ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ አደረገው። አሥራ አንደኛ ፐርሰንታይል። ለዕድሜዋ ደህና፣ ለቁመቷ ደህና። መጨረሻው ላይ «ከፕሮግራም ትውጣ» አለ።

«ይኸውልሽ!» አለ ዛሬውኑ። «ስታምር! ዛሬውኑ ትወጣለች።»

ሲስተር ካለፈው ወር ያለውን ልዩነት አሰላች። አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም። ቁጥሩ ትናንት በደስታ ውስጥ ሆኖ ትክክል መስሏት ነበር። አሁን ሳጥን ውስጥ ብቻውን ሲቀመጥ ግን አልዋጥ አላት። በዚህ ዕድሜ ያለ ጤነኛ ልጅ በወር ሁለት መቶ ግራም ገደማ ነው የሚጨምረው። ምጥን ምግብ የሚበላ ልጅ ከዚያ በላይ ይሄዳል፣ ግን ይህን ያህል? ልብሷ ከብዶ ይሆን? ሚዛኑ ተሳስቶ ይሆን? ማስመሪያውን ይዛ በመዝገቡ ላይ ወደ ቀኝ ተሻገረች፣ ሠንጠረዡ ወዳጣው ዓምድ። የክንድ ዙሪያ። ባለፈው ወር አሥራ ሁለት ሴንቲሜትር። በዚህ ወር አሥራ አንድ ነጥብ ስምንት።

ደግማ አነበበችው። ከመዛኟ የእጅ ጽሑፍ ጋር የምትጣላበት ጊዜ ቢኖርም ይሄ ግን ጥርት ብሎ ነው የተጻፈው።

«አንቺ» አለቻት መዛኟን፤ ድምጿ ተለውጧል። «የሚሚን ክንድ በደንብ ለክተሻል?»

«ሁለት ጊዜ። አላመንኩትም ነበር፣ ደግሜ ለካሁት። ለምን?»

«ክብደቷ ጨምሮ ክንዷ እንዴት ይቀንሳል?»

መዛኟ ጨርቁን ይዛ ቆመች። ሥጋ የጨመረ ልጅ ክንዱም ይሞላል። ክንዱ እየቀጠነ የሚከብድ ልጅ የከበደው ሌላ ነገር ነው። ሲስተር ይህን በተማሪነቷ ጊዜ ስንት ጊዜ ለፈተና ሸምድዳዋለች።

«ካልሲዋ» አለች መዛኟ፣ ቀስ ብላ።

«ዝም በይ» አለቻት ሲስተር፣ ስልኳን እያነሳች። የእናቲቱ ስልክ ዝግ ነው። ደግማ ደወለች። ዝግ ነው። «ሁልጊዜ ቀን ዝግ! ባትሪ ለምን ይሞላል ታዲያ ሰው? ለጌጥ ነው?» ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አደረገችው። እናቲቱ ላይ መናደድ እንደሌለባት ታውቃለች። ግን የሆነ ሰው ላይ መናደድ ነበረባት።

«ምን ተፈጠረ?» አለ ዛሬውኑ። «ቁጥሩ ደርሷል፣ አረንጓዴ ነው፣ አትንኪው።»

«ወንድሜ፣ በእግዚአብሔር ይዤሃለሁ፣ አንድ አምስት ደቂቃ አፍህን ዝጋልኝ።»

አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ በሩ ተንኳኳ። የሚሚ እናት ናት። የሥራ ልብሷን አውልቃ የክት ለብሳለች፣ ሚሚን ደረቷ ላይ አቅፋለች። ሚሚ ቢጫ ቀሚስና ነጭ ካልሲ አድርጋለች፣ ጫማ ግን የለም። ጭንቅላቷን እናቷ ትከሻ ላይ አስደግፋ ክፍሉን በግማሽ ዓይን ታያለች። ፊቷ ክብ ነው። ትናንት እናቷ የታቀፈችበት፣ የተመሰገነችበት ፊት።

«ይቅርታ፣ አረፈድኩ» አለች እናቲቱ እያለከለከች። «ጫማዋ ነው ያስቸገረኝ! ባለፈው ወር እየወለቀ እየጠፋ አሳሩን ያሳየኝ ጫማ ዛሬ አልገባ አለ፣ ብታዩት! ጎትቼ ጎትቼ ተውኩት። እግሯ እንኳ ወፈረ፣ ሲስተር!» ሳቀች፣ በሙሉ ጥርሷ።

ማንም አብሯት አልሳቀም። ዛሬውኑ ብቻ ካሜራውን ያስተካክላል።

«ነይ እስቲ ቁጭ በይ፣ የኔ እናት» አለቻት ሲስተር። «ምግብ እንዴት ናት? ያንን የምንሰጣትን ትበላለች?»

«ሰሞኑን እንኳ ቀንሳለች። ጠግባ ነው መሰለኝ። እንቅልፍም አብዝታለች። ስትወፍር እንዲህ ነው አይደል?»

ሲስተር ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና የሚሚን እግር ጭኗ ላይ አደረገች። ካልሲው ጠብቋል። ቀስ ብላ ገፈፈችው። ላስቲኩ የነበረበት ቦታ ዙሪያውን ጠልቆ ቀረ። ሁለተኛውንም ገፈፈች፣ ያው። እግሮቹ የሚያብረቀርቁ፣ የተነፉ፣ ጣቶቹ ከእብጠቱ የተነሳ እርስ በርስ የተጣበቁ። ሁለቱን አውራ ጣቶቿን በሁለቱም እግሮች ላይ፣ ከጣቶቹ ከፍ ብሎ፣ አስቀመጠችና ጫነች። በልቧ ሦስት ቆጠረች። አነሳቻቸው።

ጉድጓዶቹ አልሞሉም። ሁለት ትናንሽ ጉድጓዶች፣ የራሷ ጣት ልክ። ከፍ ብላ የሚሚ ቅልጥም ላይ ጫነች። እዚያም ጎደጎደ።

ሚሚ አላለቀሰችም።

ከመሳቢያው አንድ ከረጢት ምጥን ምግብ አውጥታ ጫፉን ቀድዳ የሚሚ አፍ ላይ አስጠጋችላት። ሚሚ ፊቷን አዞረች። እናቷ ሞከረች፣ አባበለች፣ ጣቷ ላይ አድርጋ ከንፈሯን ቀባቻት። ሚሚ አፏን ገጥማ ጭንቅላቷን ትከሻ ላይ መለሰች።

«ምንድን ነው?» አለች እናቲቱ። አሁን የሁሉንም ፊት አየችው። «ሲስተር፣ ምንድን ነው? ጨምራለች ብለሽኝ የለ?»

«ተሳስቼ ነው» አለች ሲስተር። «ሥጋ አይደለም የጨመረችው። ውሃ ነው። ሰውነቷ ውሃ ይዟል። ይሄ የምግብ እጥረት ሲከፋ የሚመጣ ነው፣ ከሁሉም የከፋው ዓይነት። ደግሞ አልበላም እያለች ስለሆነ ምግቡን ወስደሽ ቤት ስጫት አልልሽም፣ ሆስፒታል ትተኛለች። አሁን። መኪና አስጠራልሻለሁ።»

እናቲቱ የልጇን እግር አየችው። ከዚያ በእጇ ያዘችው፣ ጉድጓዱን በጣቷ ልትደፍነው የፈለገች ትመስላለች። «እኔ እኮ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ» አለች። «ወፈረችልኝ ብዬ።»

ሲስተር አምቡላንስ ደውላ ጠራች። ትናንት ያቀፈቻት እሷ ናት። ጎበዝ እናት ያለቻት እሷ ናት። ካልሲውን ተይው ያለችው እሷ ናት።

አምቡላንሱ እስኪመጣ መዛኟ ሚሚን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ታቅፋ ቆመች፣ ሲስተር የማስተላለፊያ ወረቀቱን ጻፈች። የሁለቱም እግሮች እብጠት፣ እስከ ቅልጥም። የምግብ ፍላጎት የላትም። ከባድ አጣዳፊ የምግብ እጥረት። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ አሳስታ መታችው። እናትና ልጅ መኪና ውስጥ ገብተው በሩ ሲዘጋ የሚሚ ነጭ ካልሲዎች ጠረጴዛው ላይ ቀርተው ነበር። ሲስተር እየሮጠች ደጅ ወጣች፣ መኪናው ግን አልፏል።

ስትመለስ ዛሬውኑ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። የሚሚ ረድፍ አሁንም አረንጓዴ ነው።

«አጥፋው» አለችው።

«ክብደቱን ላጥፋ?»

«ክብደቱን እንደተለካ ተወው። ከክብደት የመጣውን ፐርሰንታይል ነው አጥፋ የምልህ። እብጠት ያለበት ልጅ በክብደቱ አይመደብም፣ ውሃውን ነው የምትመዝነው። ምደባው ላይ ከባድ በል።»

አጠፋው። ሳጥኑ ቀይ ሆነ። «ባዶ አይቀበልም» አለ ዛሬውኑ፣ ግን ድምጹ የቅድሙ አልነበረም። ቁልፎቹን መታ፣ ሠንጠረዡ አልቀበልም አለ፣ ደግሞ መታ። ራሱ በሠራው ነገር ተናዶ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ጣለ። ሲስተር በሌላ ቀን ቢሆን እሰይ ትለው ነበር። ከዚያ ዓምዶቹን አንድ በአንድ እየከፈተ መልሶ ማስገባት ጀመረ። የክንድ ዙሪያ፣ የእግር እብጠት። ወረቀቱን አለፈ፣ አላለፈ የሚል ቃል አልወጣውም። የሚሚን ክንድ ሲያስገባ ሲስተር አነበበችለት። እብጠት በሚለው ሳጥን ውስጥ «አለ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ረድፍ ወረደና እጁን ቁልፎቹ ላይ አድርጎ ቆመ።

«የዚህኛውስ?» አላት። ያ ቆሞ ሲለካ ያጠረው ልጅ ነው። «እብጠት ምን ልበል?»

ሲስተር መዝገቡን አየች። «የለም» ይላል። ከሥሩ ያለውም «የለም»፣ ከሥሩ ያለውም። እስከ ገጹ ግርጌ፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ቀለም። መዛኟ መስኮቱን ወደዘጋው ካርቶን ዞራ ቆማለች።

«ሲስተር? ምን ልበል?»

የሚሚን ካልሲዎች ኪሷ ከተተች፣ መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ገልጣ ዛሬውኑ ፊት አስቀመጠችና ስልኩን አነሳች።

«ሁሉም ተመልሰው መጥተው ካልሲያቸው ወልቆ ሳይታይ ምንም አትበል» አለችው። «የመጀመሪያዋን እናት ስልክ ቁጥር አንብብልኝ።»